የብሎክ 14 ፍሳሽ መስመር፦ ከየካቲት ጀምሮ በእንጥልጥል ስለቀረው የጥገና ጥያቄ

ለማኅበራችን ሊቀመንበር
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ እንኳን ለበዓሉ አደረሰዎ።

የምጽፍልዎ ከብሎክ 14፣ 3ኛ ፎቅ ነው። እስከ ዛሬ ስጽፍ የነበረው ለጥገና ኃላፊው ነው። አሠራሩም ያው ስለሆነ እርስዎን ማስቸገር አልፈለግኩም። አሁን ግን ከእሳቸው መልስ ስላጣሁ ጉዳዩን ወደ እርስዎ አምጥቻለሁ። ይህንኑ መልእክት ለእሳቸውም ልኬላቸዋለሁ፤ ከጀርባቸው የተሠራ ነገር እንዳይመስል።

ነገሩ ይህ ነው። በወጥ ቤታችንና በመታጠቢያ ቤቱ መካከል ባለው ሻፍት ውስጥ የሚወርደው የጋራ ፍሳሽ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ወደ ግድግዳችን ያፈሳል። ንጹሕ ውኃ አይደለም፤ የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። ሽታው ጠዋት ሰው ሁሉ ሲነሳ ይብሳል፣ ቀን ላይ ትንሽ ረገብ ይላል፣ ማታ ደግሞ ይመለሳል። የወጥ ቤቱ ቀለም ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ተላጧል፣ ልስኑ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፣ ጥግ ጥጉን ጥቁር ሻጋታ ይዞታል።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ኤሌክትሪኩ ነው። የምጣዱ ሶኬት ያለው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ከመጋቢት ወዲህ ምጣዱን ስንሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጥቼ አሳየሁት፤ ሶኬቱን ከፍቶ ከውስጥ እርጥበት አገኘበት፣ ገመዱን አላቆ ጫፉን በቴፕ አሸገልኝና «ግድግዳው ሳይደርቅ እንዳትነኩት» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የቀረውን ጾም ሙሉ እናቴ እንጀራ የጋገረችው አንደኛ ፎቅ ጎረቤት ቤት ነው። ጎረቤታችን ደስ ብሏት ነው የተቀበለችን፣ እግዜር ይስጥልን፤ ግን እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ሊጥ ተሸክሞ ደረጃ መውረድና መውጣት ለእሷ ቀላል አይደለም።

እስካሁን የተጻጻፍነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥልዎ፤ ሁሉም ቴሌግራም ላይ አለ፣ የስክሪን ፎቶውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

የካቲት 18 የመጀመሪያውን ጻፍኩ፦ «ከሻፍቱ በኩል ግድግዳችን እየረጠበ ነው፣ ሽታም አለው፣ ቢቻል በዚህ ሳምንት ባለሙያ ይምጣልን» የሚል፤ ከሦስት ፎቶ ጋር። መልስ አልመጣም።

መጋቢት 9 በድጋሚ ጻፍኩ፣ የሶኬቱንም ነገር ጨምሬ። በማግስቱ፣ መጋቢት 10፣ «አይተነዋል፣ ባለሙያ እንልካለን» የሚል መልስ ደረሰኝ። አመሰገንኩ። መቼ እንደሚመጣ ጠየቅኩ፣ ቤት ሰው እንዲኖር ስለምፈልግ። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ባለሙያም አልመጣም።

መጋቢት 27 ደግሞ የግድግዳውን አዲስ ፎቶ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያለውን ጭምር ላክሁ። መልእክቱ ሁለት ራይት አሳይቷል፣ ተነቧል ማለት ነው። ስልክም ደውያለሁ፤ አንድ ጊዜ ተነስቶ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ተባልኩ። አልተደወለም።

የጥገና ኃላፊው ብዙ ብሎክ እንዳለባቸው አውቃለሁ። ሆን ብለው ነው አልልም። ግን የሥራ ብዛት ቢሆን እንኳ «በዚህ ቀን» ወይም «በጀት እየጠበቅን ነው» የሚል አንድ መስመር ይጻፍልኝ ነበር። ዝምታው ነው የከበደኝ።

ምናልባት «የቤትህ የውስጥ ቧንቧ ነው፣ ራስህ አስጠግን» የሚል ሐሳብ ካለ፣ እሱንም አጣርቻለሁ። በራሴ ወጪ ቧንቧ ሠራተኛ አስመጥቼ የእኛን ውኃ ሙሉ በሙሉ ዘጋን። እኛ ምንም ሳንጠቀም 4ኛ ፎቅ ያሉትን ሽንት ቤታቸውን እንዲለቁ ጠየቅናቸው። ወዲያው በሻፍቱ በር በኩል ባትሪ አብርተን ስናይ ከመጋጠሚያው ሥር ሲንጠባጠብ በዓይናችን አየን፣ ቪዲዮም ቀርጫለሁ። የሚያፈሰው ከላይ እስከ ታች ሁሉም ቤት የሚጠቀምበት ባለ 110 ፒቪሲ ነው። የ4ኛ ፎቅ ጎረቤቶቼም ጥፋት የለባቸውም፤ በሰዓቱ ተባብረውኛል።

የጋራ ከሆነ ደግሞ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደርና የመጠገን ሥራ የሰጠው ለባለቤቶች ማኅበር ነው። ወርሃዊ መዋጮዬን አንድም ወር አላሳለፍኩም፣ ደረሰኞቹ እጄ ላይ አሉ። ይህን የማነሳው ለመካሰስ አይደለም። የምጠይቀው የሚገባኝን እንጂ ውለታ እንዳልሆነ ግልጽ እንዲሆን ነው።

አሁን የምጠይቅዎ ይህን ነው። እስከ ሰኞ ሚያዝያ 20 ድረስ ቧንቧ ሠራተኛ ተልኮ የተሰነጠቀው መጋጠሚያ ይቀየር። እኔ ያመጣሁት ሠራተኛ እንዳለው ሥራው ግማሽ ቀን ነው፣ ዕቃውም የትም ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገኝ ነው። እባክዎ በሲሊኮንና በላስቲክ ተጠቅልሎ እንዳይታለፍ፤ ግፊቱ ከላይ ስለሆነ ተመልሶ ይከፈታል፣ ያኔ ማኅበሩም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ቧንቧው ከተሠራ በኋላ ግድግዳው ሲደርቅ ደግሞ የረገፈው ልስንና ቀለም፣ ሶኬቱም ጭምር፣ በማኅበሩ ወጪ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ፤ ጉዳቱ የመጣው ከጋራ መስመሩ ነውና።

ሠራተኛው በሚመጣበት ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ቤት ሰው ይኖራል። ከአንድ ቀን በፊት ብቻ ይንገሩኝ፣ በዚያ ሰዓት ውኃ እንዳይለቁ የላይኞቹን ጎረቤቶች እኔው አነጋግራቸዋለሁ። የበጀት ችግር ካለ ደግሞ በግልጽ ይንገሩኝ። እኔ አሠርቼ ወጪውን ከመዋጮዬ የምናወራርድበት መንገድ ካለ ዝግጁ ነኝ፣ ግን መጀመሪያ በጽሑፍና በማኅበሩ ማኅተም እንዲሆን እፈልጋለሁ። በቃል ተስማምተን በኋላ እንድንጣላ አልፈልግም።

እስከ ሰኞ ሥራው ካልተጀመረ ወይም ቀን ተቆርጦ በጽሑፍ ካልተነገረኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት እነዚህኑ መልእክቶች፣ ፎቶዎቹንና ቪዲዮውን ይዤ ለወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገባለሁ፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤም በአጀንዳ እንዲያዝ እጠይቃለሁ። ድንገት እንዳይሆንብዎ ነው አስቀድሜ የምነግርዎ። እዚያ ሳንደርስ እዚሁ ብንጨርሰው እመርጣለሁ፤ ነገ ደረጃ ላይ የምንገናኝ ሰዎች ነን።

ክረምቱም እየመጣ ነው ጋሼ። ሰኔ ከገባ ይህ ግድግዳ የሚደርቅበት ጊዜ አይኖረውም፣ እርጥበቱም ወደ 2ኛ ፎቅ መውረድ ጀምሯል። የ2ኛ ፎቅ ጎረቤቴ የእሳቸውን ጣሪያ ፎቶ ልከውልኛል፤ በእሳቸው ፈቃድ እሱንም አያይዣለሁ።

ይህን ማንበብዎን በአንድ መስመር ቢያረጋግጡልኝ ደስ ይለኛል። ከፈለጉ መጥተው ይዩት። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ሁልጊዜም ቤት ነኝ፣ ቡናም አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር
የብሎክ 14፣ 3ኛ ፎቅ ነዋሪ

አባሪ፦ የሦስቱ መልእክቶችና የመጋቢት 10 መልስ የስክሪን ፎቶ፣ የግድግዳው፣ የሶኬቱና የ2ኛ ፎቅ ጣሪያ ፎቶዎች፣ የሻፍቱ ቪዲዮ፣ የመዋጮ ደረሰኞች