የክላስ ሰርቬይ መጠይቅ፦ ብራችን የት ይሄዳል? (ሁለተኛ ድራፍት)

ሰላም ግሩፖች፣ መጠይቁን ትናንት ማታ እንደ አዲስ ጻፍኩት። የመጀመሪያውን ለዶርም ልጅ ሰጥቼ ሞክሬው ነበር፣ ሶስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እስኪርቢቶውን አስቀመጠና «የሚላክልህ ብር ለምግብ እና ለትራንስፖርት ይበቃሃል? ትላላችሁ፣ ለምግቡ ይበቃኛል፣ ደሴ ደርሶ ለመመለስ ግን አይበቃኝም፣ ታዲያ የቱን ላክብብልህ?» አለኝ። ወላሂ መልስ አጣሁ። ከዛ ሌሎቹን ሳያቸው ከ12ቱ አምስቱ እንደዛው ሁለት ጥያቄ በአንድ ጆንያ የታጨቀባቸው ናቸው፣ ሶስቱ ደግሞ መልሳቸውን ይዘው የመጡ ናቸው። «ተማሪዎች ላውንጅ ላይ ብር ያባክናሉ ብለህ አታስብም?» ብለን ጽፈናል'ኮ፣ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አላስብም የሚል ማነው? እኛው ተማሪው አባካኝ ነው ብለን ወስነን ክላሱን ፈርሙልን ልንል ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ማባከን፣ አላስፈላጊ ወጪ፣ ቅንጦት የሚሉት ቃላት በሙሉ ወጥተዋል። «እና» እና «ወይም» ያለበትን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሼ ለይቻለሁ፣ የተውኳቸው ሻይ፣ ቡና፣ ለስላሳ ዓይነቱን ነው፣ እዛ ላይ የምንፈልገው አንድ ድምር ብር ስለሆነ መላሹ ደምሮ ይጽፋል እንጂ አይምታታበትም። ሀሳብ ስንጠይቅ ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ አይሆንም።

ሌላ ደግሞ «ታወጣለህ/ሽ» የሚለው መአት ስላሽ ዓይን ያደክማል፣ «ያወጣሉ» ስንል ደግሞ የቀበሌ ፎርም መሰለ፣ ስለዚህ ጥያቄዎቹን «ያወጣሁት» እያልኩ በመላሹ አፍ ጻፍኳቸው፣ ለሴቱም ለወንዱም ይሆናል።

«ለእኛ» ያልኩት ከፎቶኮፒ በፊት የሚጠፋ ነው፣ ሌላው እንዳለ ይታተማል፣ አንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ይበቃዋል።

ወጪያችን፦ የክላስ መጠይቅ

ሰላም። የክላሳችሁ ልጆች ነን። ለስታቲስቲክስ ኮርስ አሳይመንት የክላሳችን ተማሪ ብሩን ምን ምን ላይ እንደሚያወጣ እየጠየቅን ነው። ስምም አይዲም አይጻፍም። መመለስ የማትፈልጉት ጥያቄ ካለ አጠገቡ ሰረዝ አድርጋችሁ እለፉት። ስትጨርሱ ወረቀቱን አጥፋችሁ በሩ ጋ ያለው ካርቶን ውስጥ ክተቱት። መልሱን የምናየው አምስታችን ብቻ ነን፣ ለመምህሩ የሚሄደው የክላሱ ድምር ነው።

«ባለፈው ሳምንት» ስንል ካለፈው ሰኞ ጠዋት እስከ ትናንት እሁድ ማታ ያለውን 7 ቀን ነው። «ያወጣሁት» ስንል በጥሬ ብር፣ በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ የከፈላችሁትን ነው። በዱቤ የወሰዳችሁት ገና ባይከፈልም ይቆጠራል። ሰው የጋበዛችሁ አይቆጠርም፣ እናንተ የጋበዛችሁት ይቆጠራል። ምንም ካላወጣችሁ 0 ጻፉ። በትክክል ካላስታወሳችሁ በግምት ጻፉ።

ለእኛ፦ ዱቤውን የጨመርኩት ግማሹ ልጅ ሱቅ ላይ ደብተር ስላለው ነው፣ ካልጻፍነው አንዱ ይቆጥረዋል አንዱ ይተወዋል። 0 ጻፉ ያልኩትም ባዶ ከተተወ አላወጣም ነው ወይስ ዘለለው የሚለውን ስለማናውቅ ነው። «ትናንት እሁድ» የሚለው ደግሞ የሚሰራው ሰኞ ከበተንነው ብቻ ነው፣ ማክሰኞ ከሆነ ይስተካከል።

1. የምኖረው፦
☐ ግቢ ዶርም ☐ ውጭ ተከራይቼ ☐ ከቤተሰብ ወይም ከዘመድ ጋር ☐ ሌላ

2. በዚህ ሴሚስተር፦
☐ ካፌ ነኝ ☐ ኖን ካፌ ነኝ ☐ ሁለቱም አይደለሁም

3. ባለፈው ሳምንት ከግቢ ካፌ ውጭ ለበላሁት ምግብ ያወጣሁት፦ ☐ ብር

ለእኛ፦ በፊት «ላውንጅ በሳምንት ስንት ጊዜ ትበላለህ» ነበር የሚለው፣ ሁሉም ላውንጅ ይበላል ብለን ነው የጀመርነው፣ ጭራሽ የማይበላው ምን ይበል? አሁን 0 ብሎ ያልፋል። ኖን ካፌው በራሱ የሚያበስል ከሆነ ሽሮና ዘይቱ የት ይገባል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፣ ለሱ ቀጣዩ አለ።

4. ባለፈው ሳምንት ራሴ ለማበስለው ምግብ (ሽሮ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከሰል የመሳሰሉት) ያወጣሁት፦ ☐ ብር

5. ባለፈው ሳምንት ለሻይ፣ ለቡና፣ ለጁስና ለለስላሳ በድምሩ ያወጣሁት፦ ☐ ብር

6. ባለፈው ሳምንት እዚሁ ኮምቦልቻ ውስጥ ለባጃጅና ለታክሲ በድምሩ ያወጣሁት፦ ☐ ብር

7. ባለፈው ሳምንት ደሴ ሄጄ የተመለስኩት፦ ☐ ጊዜ

8. ለጥያቄ 7 ጉዞዎች ለመሄጃና ለመመለሻ ትራንስፖርት በድምሩ ያወጣሁት፦ ☐ ብር

ለእኛ፦ ደሴን ከባጃጁ ለይቼዋለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፣ ግን ቅዳሜ አንዴ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ የተመለሰ ልጅ የትራንስፖርት ወጪው ሳምንቱን ሙሉ በእግሩ ከሄደው ጋር አንድ ላይ ከተደመረ ቁጥሩ ምንም አይነግረንም። በፊት የነበረው «ደሴ ለመዝናናት ስትሄድ ስንት ታወጣለህ» ነበር፣ ለመዝናናት ነው የሚሄደው ያለን ማነው፣ ግማሹ ቤተሰቡ እዛ ነው፣ ሌላው ሆስፒታል ሰው ሊጠይቅ ይሆናል። ለምን እንደሄደ አንጠይቅም፣ አያስፈልገንም።

9. ባለፈው ሳምንት ለሞባይል ካርድና ፓኬጅ በድምሩ ያወጣሁት፦ ☐ ብር

10. ባለፈው ሳምንት ለፎቶኮፒና ለፕሪንት በድምሩ ያወጣሁት፦ ☐ ብር

11. ባለፉት 30 ቀናት ለልብስና ለጫማ በድምሩ ያወጣሁት፦ ☐ ብር

ለእኛ፦ ከወጪ ጥያቄዎቹ ይሄኛው ብቻ 30 ቀን የሆነው ጫማ በየሳምንቱ ስለማይገዛ ነው። ሰው ግን የሻዩን የ30 ቀን ብትጠይቀው ፈጥሮ ነው የሚነግርህ፣ ለዛ ነው ሌላው ወጪ ሳምንት የሆነው። ስንተነትን እንዳናደባልቀው፣ 30 ቀኑን ለ4 አካፍሎ ከሳምንቱ ጋር መደመር የሚል ሰው እንዳይመጣ።

12. ባለፈው ሳምንት ለጫት ያወጣሁት፦ ☐ ብር

13. ባለፈው ሳምንት ለሲጋራ ያወጣሁት፦ ☐ ብር

ለእኛ፦ እነዚህ ላይ ተከራክረን ነበር። በፊት «ጫት ወይም ሲጋራ ትጠቀማለህ? ከሆነስ ጉዳቱን ታውቃለህ?» ነበር፣ አንድ መስመር ላይ ሶስት ጥያቄና አንድ ስብከት። የኛ ሰርቬይ የብር እንጂ የጤና አይደለም፣ ስለዚህ ብሩን ብቻ እንደ ሻዩ እንደ ፎቶኮፒው እኩል ቃና ይዘን እንጠይቃለን። መጀመሪያ ላይ ቢሆኑ ሰው ይደነግጥና የቀረውንም ቆጥቦ ነው የሚሞላው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወጥመድ ይመስላሉ፣ ለዛ ነው እዚህ መሀል የገቡት። ይውጡ የሚል ካለ ልቀበል፣ ግን ከወጡ «ጠቅላላ የሳምንት ወጪ» የሚለውን ቃል ሪፖርቱ ላይ አንጽፍም።

14. ባለፉት 30 ቀናት ከቤተሰብ ወይም ከዘመድ የተላከልኝ ብር በድምሩ፦
☐ ምንም ☐ 1–500 ☐ 501–1,000 ☐ 1,001–2,000 ☐ 2,001–4,000 ☐ ከ4,000 በላይ ☐ መመለስ አልፈልግም

ለእኛ፦ እዚህ ጋ ቁልጭ ያለ ቁጥር ብንጠይቅ ሰው ያፍራል፣ ትንሽ የሚላክለትም ብዙ የሚላክለትም። ክልሎቹን ደግሞ አስተውሉ፣ በፊት 500–1,000፣ 1,000–2,000 ብለን ነበር፣ 1,000 የተላከለት ሁለቱም ጋ ይገባል። «ምንም»ም አልነበረም፣ ራሱ እየሰራ የሚማረውን ረስተነዋል።

15. ባለፉት 30 ቀናት ከቤት ስንቅ (በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ የመሳሰለ) መጥቶልኛል፦
☐ አዎ ☐ አይ

16. ባለፉት 30 ቀናት እጄ ላይ የነበረው ብር ለምግብ፦
☐ በደንብ በቅቶኛል ☐ በቅቶኛል ☐ አልበቃኝም ☐ በጭራሽ አልበቃኝም ☐ ለምግብ ብር አላወጣሁም

17. ባለፉት 30 ቀናት እጄ ላይ የነበረው ብር ለትራንስፖርት፦
☐ በደንብ በቅቶኛል ☐ በቅቶኛል ☐ አልበቃኝም ☐ በጭራሽ አልበቃኝም ☐ ለትራንስፖርት ብር አላወጣሁም

ለእኛ፦ የዶርሜ ልጅ ጥያቄ ይሄው ለሁለት ተከፈለለት። ምርጫዎቹም በፊት «ይበቃል፣ ያንሳል፣ በጣም ያንሳል፣ ፈጽሞ አይበቃም» ነበሩ፣ ሶስት ወደ ማነሱ አንድ ወደ መብቃቱ፣ ይሄም መምራት ነው፣ ጥያቄው ጨዋ ሆኖ ምርጫው ሊመራ ይችላል። አሁን ሁለት በሁለት ናቸው። «ተማሪ ስለሆንክ ብር እንደሚያጥርህ ይታወቃል፣» ብሎ የሚጀምረውን መግቢያ ደግሞ ማን እንደጻፈው አልናገርም፣ ሰርዤዋለሁ።

18. ባለፈው ሳምንት ካወጣሁት ውስጥ ከላይ ያልተጠየቀ ነገር ካለ፣ ምን እንደሆነና ስንት ብር እንደሆነ ከታች ባለው ቦታ፦

እናመሰግናለን፣ ወረቀቱን ካርቶኑ ውስጥ።

እስከዚህ ነው የሚታተመው። 18ኛው ሁለት ነገር ይጠይቃል ብሎ የሚይዘኝ እንዳለ አውቃለሁ፣ እዛ ላይ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይጠቅመንም፣ ዕቃውን ሳናውቅ ብሩ የትም አይገባም።

መቼ እንበትን የሚለው ላይ፣ ጾም ወይም ረመዳን ወይም በዓል ያለበት ሳምንት ባይሆን እላለሁ። ክላሳችን ሁለቱም አለበት፣ ረመዳን ላይ ቀን ላውንጅ የማይገባው ልጅ 0 ቢጽፍ ቆጣቢ ሆኖ አይደለም፣ ፍልሰታ ላይ ክትፎ ያልበላውም እንደዛው። ሃይማኖት መጠይቁ ላይ አንጠይቅም፣ ሳምንቱን መምረጥ ይበቃናል። የሚቀጥለው ሰኞ ባዶ ነው፣ ከስታቲስቲክሱ ክላስ በኋላ 10 ደቂቃ መምህሩ ሰጥቶናል።

ሌላው፣ ክላሱ 58 ነው፣ እኛ አምስታችን አንሞላም፣ ጥያቄውን የጻፈ ሰው መልሱን ያውቀዋል። 53 ወረቀት፣ ከ3 መጠባበቂያ ጋር 56። ስናጠቃልል አማካዩን ብቻ እንዳናወጣ፣ በዛ ሳምንት ሙሉ ዶርሙን ጋብዞ 2,000 ብር ያወጣ አንድ ልጅ ካለ አማካዩን ይጎትተዋል፣ ሚድያኑን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

ከዛ በፊት ሶስት ሰው ላይ መሞከር አለብን፣ ከክላሳችን ውጭ የሆነ፣ አንድ ኖን ካፌ፣ አንድ ውጭ የምትኖር፣ አንድ ከደሴ እየተመላለሰ የሚማር። እየሞሉ ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡት ጠይቋቸው፣ የት ጋ እንደሚቆሙ ነው የምንፈልገው፣ «ግልጽ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም አዎ ነው የሚለው።

አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ፣ አርብ ከሰዓት አሳትመዋለሁ። ካርቶኑን ማን ያመጣል? ያለፈው የጫማ ካርቶን ቀዳዳው ሰፊ ነበር፣ ወረቀቱ ከላይ ይታያል፣ ይሄኛው ይዘጋ።