ስለ ድጋፍ መስጫ ሰዓታት ለደንበኞች የወጣ ማስታወቂያ

ጅማ፣ መጋቢት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ክቡራን ደንበኞቻችን፤

የቡና ክምችትና ጭነት መከታተያ ሶፍትዌራችንን በአጋሮ፣ በሊሙና በአዲስ አበባ የምትጠቀሙ አቅራቢዎችና ላኪዎች፣ እንዲሁም በውጭ አገር ሆናችሁ ጭነታችሁን የምትከታተሉ ገዢዎች፣ ከሰኞ መጋቢት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ጅማ የሚገኘው የድጋፍ ክፍላችን ከዚህ በታች በተገለጹት ሰዓታት የሚያገለግላችሁ መሆኑን በአክብሮት እናስታውቃለን።

በቅድሚያ ስለ አጻጻፋችን አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንጠይቃለን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ስንል ዱባይ ያለ ደንበኛ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት አድርጎ ሊረዳው ይችላል፤ ጭነት ተጭኖ መኪና ቆሞ በሚጠበቅበት ዕለት ደግሞ እንዲህ ያለው አለመግባባት የሁለታችንንም ቀን ያበላሻል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ሰዓት ምንጊዜም «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ከሰዓት በኋላ» ወይም «ማታ» ከሚል ቃል ጋር እንጽፋለን። የሌላውን አገር ሰዓት ግን የከተማውን ስም ጠቅሰን፣ ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በአራት አኃዝ እናሰፍራለን። በአራት አኃዝ የተጻፈ ሰዓት በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ አይገኝም።

በኢትዮጵያ የቀኑ አገልግሎት ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ለምሳ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ስልክ አይነሳም። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል ዕረፍቱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ይረዝማል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ብቻ እንሠራለን፤ እሑድ ዝግ ነው። በተለይ ለአሜሪካ ደንበኞቻችን ስንል የጨመርነው የማታ አገልግሎት ከሰኞ እስከ ዓርብ ከማታው 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይሰጣል።

ይህ ለሌሎች ከተሞች ሲቀመጥ እንደሚከተለው ነው፤ ለእያንዳንዱ ከተማ የተጻፈው ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው የቀንና የማታ አገልግሎት ነው።

ሪያድ፣ ጅዳና ናይሮቢ፦ ቀን ከ08:30 እስከ 17:30፣ ማታ ከ19:00 እስከ 22:00።

ዱባይ፦ ከ09:30 እስከ 18:30፣ ከዚያም ከ20:00 እስከ 23:00።

ፍራንክፈርት፦ ከ07:30 እስከ 16:30፣ ከዚያም ከ18:00 እስከ 21:00።

ለንደን፦ ከ06:30 እስከ 15:30፣ ከዚያም ከ17:00 እስከ 20:00።

ዋሽንግተን፦ ከ01:30 እስከ 10:30፣ ከዚያም ከ12:00 እስከ 15:00። በዚህች ከተማ ላላችሁ የምንመክረው ሁለተኛውን ነው፤ እኛ ዘንድ ማታ ሲሆን እናንተ ዘንድ የዚያው ዕለት ቀትር ስለሆነ የቀን ስም አይለወጥባችሁም።

የምሳና የዓርብ ዕረፍታችን በሁሉም ከተሞች ተፈጻሚ ነው። ለምሳሌ ዱባይ ላይ ዕረፍቱ ከ13:30 እስከ 14:30፣ ዓርብ ደግሞ ከ12:30 እስከ 14:30 ይሆናል።

ኢትዮጵያ ሰዓቷን በወቅት የማትለውጥ ስለሆነች የጅማ ሰዓታችን ዓመቱን ሙሉ አይነካም፤ የሚለዋወጠው የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዓት ነው፤ ያም ቢሆን ሁለቱ በአንድ ቀን አይለውጡም። በመሆኑም ከላይ የፍራንክፈርትና የለንደን ተብለው የተጻፉት ሰዓታት የሚጸኑት እስከ ቅዳሜ ጥቅምት 14 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ ኦክቶበር 24 ቀን 2026 ነው። የዋሽንግተን ግን ከዚያ በኋላም አንድ ሳምንት ቆይቶ እስከ ቅዳሜ ጥቅምት 21፣ ማለትም እስከ ኦክቶበር 31 ይጸናል። ከእነዚህ ቀናት በኋላ በየከተማው የተጻፈው ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፦ ፍራንክፈርት 07:30 የነበረው 06:30፣ ዋሽንግተን 12:00 የነበረው 11:00 ይሆናል። ለውጡ የሚደረገው በሁለቱም ቦታ እሑድ፣ እኛ በማንሠራበት ዕለት ስለሆነ፣ በሥራ ቀን መካከል የሚለዋወጥ ሰዓት አይኖርም።

የስልክ ቀጠሮ ስትጠይቁን «በ3 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ እንዳትተዉት አደራ እንላለን፤ ያላችሁበትን ከተማ፣ የሳምንቱን ቀንና ሰዓቱን አብራችሁ ጻፉልን። እኛም በሁለቱ አቆጣጠር መልሰን ስናረጋግጥላችሁ ብቻ ቀጠሮው እንደተያዘ ቁጠሩት። የማረጋገጫ መልእክታችን የሚከተለውን ይመስላል፦ «ጅማ፣ ሐሙስ መጋቢት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማታ 2 ሰዓት። ዋሽንግተን፣ ሐሙስ ኤፕሪል 2 ቀን 2026፣ 13:00።» ሁለቱ ካልተስማሙላችሁ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ወዲያውኑ አሳውቁን።

በኢትዮጵያ የሕዝብ በዓላት የቀኑም የማታውም አገልግሎት አይሰጥም፤ ከመጋቢት 21 በኋላ የመጀመሪያው ስቅለት፣ ዓርብ ሚያዝያ 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ጨረቃ ታይታ የሚወሰኑትን በዓላት ቀኑ እንደታወቀ በሶፍትዌሩ የመልእክት ሳጥን እንገልጻለን። ከሥራ ሰዓት ውጭ በዚያው ሳጥን የሚደርሰን ጽሑፍ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ጠዋት በደረሰበት ቅደም ተከተል ይታያል፤ የተጫነ መኪና የቆመበት ጉዳይ ከሆነ በመልእክቱ መጀመሪያ «ጭነት ቆሟል» ብላችሁ ጻፉ፣ ከሌሎች አስቀድመን እናየዋለን።

የደንበኞች ድጋፍ ክፍል፣ ጅማ