ለሄለንና ለዮናስ

እንደምን አመሻችሁ። ለማታውቁኝ፣ ትዕግሥት እባላለሁ፤ የሄለን ጓደኛ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል እያለን አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን፣ ይኸው 16 ዓመት ሆነን።

መጀመሪያ የጻፍኩት አምስት ገጽ ነበር። 16 ዓመት ብዙ ነዋ! ግን ምሽቱ የእነሱ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ጨዋታ ቆረጥኩት። አብረን የተጓዝነውንም፣ አብረን የተከራየነውን ቤት ታሪክም ተውኩት። ሁለት ነገር ብቻ ቀረ። እነሱን ልሰርዝ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

አንደኛው አባቴ ታሞ ሆስፒታል የገባ ለታ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለሄለን ደወልኩላት። ለቅሶው አላናግር ስላለኝ ምን እንደሆንኩ እንኳን በቅጡ አልነገርኳትም። "የት ነሽ?" አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። ብዙም ሳትቆይ ኮሪደሩ ላይ አየኋት። ፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባለች። በአንድ እጇ የስልክ ቻርጀር፣ በሌላው ወፍራም ካልሲ ይዛለች። ካልሲው ለእኔ ነው። ደንግጬ በነጠላ ጫማ እንደወጣሁ እንዴት እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። አጎንብሳ ራሷ አጠለቀችልኝ። ከዚያ እስኪነጋ ድረስ እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። "አይዞሽ" እንኳን አላለችም። ማለትም አላስፈለጋትም።

አባዬ ድኖ ይኸው መሃላችን ተቀምጧል። ሄለንን ሲያያት "ልጄ" ነው የሚላት።

ዮናስ፣ ያገባሃት ሴት ይቺ ናት።

ሁለተኛው አጭር ነው። ሄለን አካሄዷ ፈጣን ነው። አብሯት መንገድ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕድሜዬን ሙሉ "ኧረ ቀስ በይ!" እያልኩ ከኋላ ከኋላዋ ስከተል ነው የኖርኩት። ለማንም ቀንሳ አታውቅም።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ምሽት ከሥራ ስወጣ ከመንገዱ ማዶ አየኋት። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ለመጠለል ይሮጣል። ሄለን ግን ቀስ ብላ ትራመዳለች። መጀመሪያ እሷ አልመሰለችኝም። ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆና እያወራች ነው። ጃንጥላውን የያዘው እሱ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ አጋድሎታል። የሸሚዙ ግማሽ ከትከሻው እስከ ክንዱ ርሶ ገላው ላይ ተለጥፏል። እሷ በዚያ በኩል ስላልነበረች አላየችውም። እኔ አየሁት።

አልጠራኋቸውም። ቤት እንደገባሁ ለእናቴ "ሄለን ባሏን አገኘች" አልኳት። ያኔ ከተዋወቁ ገና ሁለት ወራቸው ነበር።

ዮናስ፣ አንድ ምስጋና አለብኝ። ሰው ሲያገባ ጓደኛ ይርቃል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቼም ነበር። አንተ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ እኔ ቤት በር ድረስ ታደርሳትና "ሳትቸኩሉ ተጫወቱ" ብለኸን ትሄዳለህ። አንድም ጊዜ ደውለህ "አልጨረሳችሁም?" አላልከንም። እኔ ይህንን አልረሳውም። ወንድሜ ነህ።

የሄለን እናትና አባት፣ ይህችን የመሰለች ልጅ አሳድጋችሁ ለሁላችንም አካፈላችሁን። እግዚአብሔር ይስጥልን። የዮናስ ቤተሰቦች፣ ያንን ጃንጥላ ማጋደል ከማን እንደተማረው ዛሬ እናንተን ሳይ ገባኝ። ቅድም በር ላይ እንግዳውን ሁሉ ስታስቀድሙ፣ እናንተ ገና አሁን ነው የተቀመጣችሁት።

ሄሉዬ፣ አላስለቅስሽም ብዬ ቃል ገብቼልሽ ነበር። ቀና በይ፣ ልጨርስ ነው። ዛሬ ጠዋት ስትለብሺ መስታወቱ ፊት ቆመሽ "አምሮብኛል?" አልሽኝ። ጉሮሮዬን ሳግ ስለያዘው ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩልሽ። አሁን በሰው ፊት ልመልስልሽ። አምሮብሻል፣ የኔ እህት። ቀሚሱም አምሮብሻል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደስታው አምሮብሻል።

እስቲ ሁላችሁም ብድግ በሉና ብርጭቋችሁን አንሱልኝ።

ሄለንና ዮናስ፣ ቤታችሁ ሳቅ አይጣ። ክፉ አይንካችሁ። አብራችሁ ሸምግሉ።

ለሄለንና ለዮናስ!