የክንድና የእጅ ነርቭ ጉዳቶች፦ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ክለሳ የምርጫ ጥያቄዎች ከነማብራሪያቸው

መልሱን ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን ጻፉ። በዚህ ርዕስ ተፈታኝ የሚስተው ብዙ ጊዜ የነርቩን ስም ሳይሆን የተጎዳበትን ቦታ ነው። ስለዚህ የደከመውን ብቻ ሳይሆን የተረፈውንም ፈልጉ፤ ቦታውን የሚጠቁመው እሱ ነው።

1. የ28 ዓመት ወጣት ከሞተር ሳይክል ወድቆ የሂውመረስ አጥንቱ መሃሉ ላይ ተሰብሯል። የእጁን አንጓ ቀና ማድረግ አልቻለም። በእጁ ጀርባ፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለው ቆዳ ደንዝዟል። ክርኑን ግን በሙሉ ኃይል ይዘረጋል። የተጎዳው የቱ ነው?
ሀ. ራዲያል ነርቭ፣ ብብት ውስጥ
ለ. ራዲያል ነርቭ፣ በሂውመረስ ጀርባ ባለው ጠመዝማዛ ቦይ
ሐ. ፖስቴሪየር ኢንተሮሲየስ ነርቭ
መ. ሚዲያን ነርቭ፣ ክርን ላይ

መልስ፦ ለ። ወደ ትራይሴፕስ ከሚሄዱት ቅርንጫፎች አብዛኞቹ የሚወጡት ነርቩ ቦዩን ከማለፉ በፊት ነው፤ ክርኑ የሚዘረጋው ለዚህ ነው። ጉዳቱ ብብት ውስጥ ቢሆን ትራይሴፕስም ይደክም ነበር። ሐን የመረጣችሁ ቆዳውን ረስታችኋል፦ ፖስቴሪየር ኢንተሮሲየስ ሲጎዳ ቆዳ አይደነዝዝም። አንጓውም ሙሉ በሙሉ አይወድቅም፤ ኤክስቴንሰር ካርፒ ራዲያሊስ ሎንገስ ስለሚተርፍ ወደ አውራ ጣት በኩል እያዘነበለ ቀና ይላል።

2. ትከሻዋ ወደ ፊት የወለቀ ሴት በትከሻዋ የውጭ ጎን ያለው ቆዳ አይሰማትም። ከዴልቶይድ ጋር የሚደክመው ጡንቻ የቱ ነው?
ሀ. ሱፕራስፓይናተስ
ለ. ሰብስካፑላሪስ
ሐ. ቴሬስ ማይነር
መ. ቴሬስ ሜጀር

መልስ፦ ሐ። አግዚላሪ ነርቭ የሚያንቀሳቅሰው ዴልቶይድንና ቴሬስ ማይነርን ነው። ከፈተናው ውጭም ይህን ያዙ፦ ስሜቱን ትከሻው ከመመለሱ በፊትም በኋላም መርምራችሁ መዝግቡ።

3. ሁለት ሰዎች አልናር ነርቫቸው ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል፤ አንደኛው አንጓ ላይ፣ ሁለተኛው ክርን ላይ። ትክክል የሆነው የቱ ነው?
ሀ. የሁለተኛው ጣቶች ይበልጥ ይቆለመማሉ
ለ. የአንደኛው ጣቶች ይበልጥ ይቆለመማሉ
ሐ. ሁለቱም እኩል ይቆለመማሉ
መ. አንደኛው በእጁ ጀርባ በትንሿ ጣት በኩል ስሜት ያጣል

መልስ፦ ለ። ጉዳቱ ከፍ ሲል መቆልመሙ ይብሳል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ብዙ ተፈታኝ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ሰዎች ኢንተሮሲየስ ጡንቻዎችና የቀለበትና የትንሿ ጣት ሉምብሪካሎች ሽባ ይሆናሉ። ስለዚህ ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር በሚገናኙበት መገጣጠሚያ ወደ ኋላ ይለጠጣሉ። ጫፋቸውን አጥፎ እንደ አሞራ ጥፍር የሚያደርጋቸው ግን የፍሌክሰር ዲጂቶረም ፕሮፈንደስ የአልናር ግማሽ ነው። ክርን ላይ ሲቆረጥ ይህም ጡንቻ ይሞታል፤ ጎታች ስለሌለ መቆልመሙ ይቀንሳል። ከክርን ጉዳት እያገገመ ያለ ሰው ጣቱ ይበልጥ ሲቆለመም ብታዩ አትደንግጡ፤ ጡንቻው ነርቩን መልሶ እያገኘ ሊሆን ይችላል። መ የተሳሳተው የእጁን ጀርባ የሚያገለግለው የቆዳ ቅርንጫፍ ከአንጓው በላይ ስለሚለይ ነው።

4. በካርፓል ተነል የሚዲያን ነርቭ ሲጨመቅ ስሜቱ የማይነካው የቱ ነው?
ሀ. የጠቋሚ ጣት ጫፍ
ለ. የመሃል ጣት ጫፍ
ሐ. በአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ቆዳ
መ. የአውራ ጣት ጫፍ

መልስ፦ ሐ። የመዳፉ የቆዳ ቅርንጫፍ ከቦዩ በፊት ተለይቶ ከጅማቱ በላይ ያልፋል። ይህ ቦታም ከደነዘዘ ጉዳቱን ከፍ ብላችሁ ፈልጉ።

5. የ6 ዓመት ልጅ ወድቆ ሂውመረሱ ከክርኑ ከፍ ብሎ ተሰብሯል። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ክብ ሥራ ሲባል ጫፎቹን ማጠፍ አቅቶት ጠፍጣፋ አድርጎ ያገናኛቸዋል። የቆዳ ስሜቱ ሙሉ ነው። የተጎዳው ነርቭ?
ሀ. አልናር
ለ. አንቲሪየር ኢንተሮሲየስ
ሐ. ራዲያል
መ. መስኩሎኩቴኒየስ

መልስ፦ ለ። ፍሌክሰር ፖሊሲስ ሎንገስና የጠቋሚ ጣት ፕሮፈንደስ ደክመዋል። ቅርንጫፉ ቆዳን ስለማያገለግል ስሜት አይጠፋም። ትንሽ ልጅ «እጄ ደከመኝ» አይልም፤ ክቡን ካላሠራችሁት ጉዳቱ ያመልጣችኋል።

6. ትከሻው ተይዞ በጭንቅ የተወለደ ሕፃን ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ክርኑ ተዘርግቶ ተንጠልጥሏል። ጣት መዳፉ ላይ ሲደረግ ግን ጨብጦ ይይዛል። የተጎዱት ሥሮች?
ሀ. ሲ5 እና ሲ6
ለ. ሲ8 እና ቲ1
ሐ. ከሲ5 እስከ ቲ1 ያሉት በሙሉ
መ. ቲ1 ብቻ

መልስ፦ ሀ፣ የኤርብ ሽባነት። መጨበጡ የታችኞቹ ሥሮች መትረፋቸውን ያሳያል። መጨበጥ ጠፍቶ በዚያው ጎን የዓይን ቆብ ከወረደና ብሌን ከጠበበ ቲ1 ከአከርካሪው አጠገብ መጎዳቱን ጠርጥሩ።