የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ሪፖርት
ክፍል፦ የውስጥ ደዌ ተኝቶ ሕክምና፣ ድሬዳዋ
ስህተቱ የደረሰው፦ ረቡዕ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
አቅራቢ፦ የዋርዱ አስተባባሪ ነርስ

የተፈጠረው
አልጋ 7 ላይ የተኙት የ54 ዓመት እናት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። የታዘዘላቸው 20 ዩኒት ኤንፒኤች ኢንሱሊን ሲሆን የተሰጣቸው 20 ዩኒት ሬጉላር ኢንሱሊን ነው። መጠኑና ሰዓቱ በትእዛዙ መሠረት ነው። የተሳሳተው የኢንሱሊኑ ዓይነት ነው።

በሰዓት ቅደም ተከተል
ከቀኑ 9:00 ላይ መብራት ጠፋ። የዋርዳችን ፍሪጅ ጄኔሬተር ላይ ስላልተያያዘ ኢንሱሊኖቹ በሙሉ በአንድ የበረዶ ሳጥን ተደረጉ። ሌላ ጊዜ ሁለቱ ዓይነቶች በተለያየ መደርደሪያ ነው የሚቀመጡት።

12:20 ምሽት ላይ የታካሚዋ ስኳር 212 ነበር። 12:30 ላይ መርፌው ተሰጠ። ተረኛዋ ነርስ በዚያ ሰዓት ብቻዋን ነበረች፤ ሁለተኛዋ ታካሚ ይዛ ራጅ ክፍል ሄዳለች። ስለዚህ ኢንሱሊን ሲሰጥ መደረግ ያለበት የሁለት ሰው ማረጋገጫ አልተደረገም። ታካሚዋ ከእራታቸው ግማሹን ብቻ እንደበሉ ልጃቸው ነግራናለች።

3:10 ላይ ልጃቸው «እማዬ ላብ በላብ ሆነች፣ እየተንቀጠቀጠች ነው» ብላ ተጣራች። ታካሚዋ ነቅተዋል፤ ግን የሚናገሩት አይያያዝም ነበር። ስኳራቸው 46 ሆኖ ተገኘ።

የተወሰደ እርምጃ
3:14 ላይ 40 በመቶ ግሉኮስ 50 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ተሰጠ፤ ተረኛው ሐኪምም ደረሱ። 3:30 ላይ ስኳሩ 118 ገባ። በሐኪሙ ትእዛዝ 10 በመቶ ግሉኮስ በድሪፕ ተጀመረ፤ ስኳሩም እስኪነጋ በየሰዓቱ ተለካ።

ስህተቱን ያገኘችው መርፌውን የሰጠችው ነርስ ራሷ ናት። 3:40 ላይ ጠርሙሱን አውጥታ አየችው። ኤንፒኤች ሲታሸ ወተት መስሎ ይደፈርሳል፤ ይህኛው እንደ ውሃ የጠራ ነበር። ወዲያው ለሐኪሙና ለእኔ ተናገረች። ጠርሙሱ ሳይጣል ተይዟል። ሳትደብቅ መናገሯ የሌሊቱን ክትትል ስለወሰነው፣ ይህ በማኅደሯ እንዲጻፍላት እጠይቃለሁ።

የታካሚዋ ሁኔታ
3:45 ላይ ታካሚዋ ልጃቸውን በስም ጠርተው በደንብ አወሩ። ሌሊቱን ስኳራቸው ከ96 በታች አልወረደም። ሐሙስ ጠዋት 1:00 ላይ 164 ነበር። ራሳቸውን አልሳቱም፣ አልወደቁም፤ የቀረ ጉዳት አልታየም። ሐኪሙ የጠዋቱን ኢንሱሊን ቀንሰው አዘዙ። የሆነውን ለታካሚዋና ለልጃቸው በኦሮምኛ አስረድተን ይቅርታ ጠይቀናል።

አስተያየት
እስካሁን ያለው በማስረጃ የተያዘ ነው፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው። በድሬ ሙቀት መብራት በጠፋ ቁጥር ኢንሱሊን ወደ በረዶ ሳጥን መግባቱ አይቀርም። ጠርሙሶቹ ደግሞ በመጠን አንድ ናቸው። ነርሷን ብቻ ብንመክር ነገ ሌላዋ ላይ ይደገማል። ከሐሙስ ጀምሮ ሁለት ሳጥን አዘጋጅተን በትልቁ ጽፈንባቸዋል። ፍሪጁ ጄኔሬተር ላይ እንዲያያዝ ለጥገና ክፍል ጥያቄ ገብቷል፤ መልስ አልመጣም። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላከው ቢጫ ቅጽም ተሞልቶ ፋርማሲ ደርሷል።