የ5 ዓመቱ ዕቅድ፦ የእኛ መምሪያ ድርሻ በአንድ ወረቀት

ለ፦ የውሃ ስርጭትና ጥገና መምሪያ ቡድን መሪዎችና ሠራተኞች በሙሉ
ከ፦ የመምሪያው ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የስትራቴጂክ ዕቅዱ የትኩረት መስኮች፣ ግቦችና ባለቤቶች

የድርጅቱ የ5 ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ 84 ገጽ ነው። ብዙዎቻችሁ እንዳልጨረሳችሁት አውቃለሁ። እኔም ሁለቴ ጀምሬ ትቼው በሦስተኛው ነው የዘለቅኩት። የእኛ ድርሻ ግን ተለቅሞ ሲወጣ አንድ ወረቀት ይበቃዋል። ይኸው። ጀርባውንም ስለተጠቀምኩ ይቅርታ።

ነገሩ ባጭሩ

በቀን 40,000 ሜትር ኩብ ውሃ ወደ መስመር እናስገባለን። ሒሳብ የሚከፈልበት 24,400 ነው። ቀሪው 15,600፣ ማለትም 39 በመቶው፣ ገቢ የማያስገኝ ውሃ ነው። ዕቅዱ ይህን በ5ኛው ዓመት ወደ 25 በመቶ አውርዱ ይለናል።

25 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? አሁን ከምናመርተው ሳንጨምር በቀን 5,600 ሜትር ኩብ እናተርፋለን። ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ብናስብ ለ70,000 ሰው ይደርሳል። አንድም አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር። አዲስ ምንጭ የማልማቱ ሥራ በዕቅዱ ውስጥ አለ፣ ግን የሌላ መምሪያ ነው። የእኛ ሥራ ያለው ውሃ መንገድ ላይ እንዳይቀር ማድረግ ነው።

የሚጠፋው ውሃ ሁሉ መሬት ውስጥ የሚፈስ አይደለም። በእኛ ግምት 10,400 ያህሉ በሊኬጅና በስብራት የሚወጣ ነው። 4,600 ያህሉ ደንበኛ ቤት ደርሶ በትክክል ያልተቆጠረ፣ ወይም ያለ ውል የተቀጠለ ነው። 600 ያህሉ ደግሞ እኛው ራሳችን መስመር ለማጠብና ለእሳት አደጋ የምናውለው ነው። የመጨረሻውን ተዉት። ትግሉ ከሁለቱ ጋር ነው።

አንደኛ፦ ሊኬጅ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

ባለፈው ዓመት ከተዘጉት የሥራ ትዕዛዞች አንዱን አውጥቼ ተመለከትኩት። ሰኞ ጠዋት ጥቆማ መጣ። ማክሰኞ ባለሙያ ሄዶ አየ። ረቡዕ ክላምፕ ከስቶር ተጠየቀ፣ ልኩ የለም ተባለ። ቅዳሜ ክላምፑ ተገኘ። እሁድ ከሰዓት በፊት ሠራተኞቹ ቆፍረው፣ ጠግነው፣ አፈሩን መልሰው ሄዱ። ጥገናው የወሰደው 3 ሰዓት ነው። ውሃው የፈሰሰው 6 ቀን ነው።

ያ ስብራት በሰከንድ ግማሽ ሊትር ቢያፈስ በቀን 43 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ6 ቀን ወደ 259። በ48 ሰዓት ብንደርስበት 86 ላይ ይቆም ነበር። ሠራተኞቹ አልዘገዩም። የዘገየው ወረቀቱና ዕቃው ነው። ስለዚህ የጥገና ቡድኑን ግብ ከጥቆማ እስከ ጥገና ባለው ጊዜ እንለካዋለን እንጂ በተጠገነው ብዛት አይደለም። ብዛቱ ብቻውን ያታልላል። ቧንቧ በበዛ ቁጥር ሲሰበር የጥገናው ቁጥርም ያምራል።

ጥቆማ የሚመጣው ግን ውሃው ሜዳ ላይ ሲታይ ነው። ከሥር የሚፈሰውን ማን ይጠቁማል? ለዚህ ነው ዕቅዱ መረቡን በ14 የመለኪያ ዞኖች እንድንከፍለው የሚጠይቀው። እያንዳንዱ ዞን መግቢያው ላይ የራሱ ቆጣሪ ይኖረዋል። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት አብዛኛው ሰው ተኝቷል። በዚያ ሰዓት ብዙ ውሃ ወደ ዞኑ የሚገባ ከሆነ አብዛኛው ሊኬጅ ነው ማለት ነው። አሁን መለኪያ ያላቸው 3 ዞኖች ብቻ ናቸው። በቀሩት 11 የት እንደምንቆፍር የምንወስነው ባመዛኙ በግምትና በጆሮ ነው። የአንጋፋ ባለሙያዎቻችንን ጆሮ አክብሬ ነው ይህን የምለው።

ሌላው ግፊት ነው። በሌሊት ፍጆታ ሲቀንስ ግፊቱ ይወጣል። በ6 ዞኖች ከ5 ባር ያልፋል፣ በዝቅተኛ ቦታዎች 7 ባር የደረሰበትም አለ። ግፊት በግማሽ ሲቀንስ ስፋቱ በማይለወጥ ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ያለ ስንጥቅ ደግሞ ግፊት ሲበዛ ይከፈታል፣ ስለዚህ ቅናሹ ከዚያም ይበልጣል። የግፊት መቀነሻ ቫልቭ መግጠም ከመቆፈር ይቀልላል። አዲስ ስብራትንም ይቀንሳል። በእኔ አስተያየት ዕቅዱ ለዚህ ከሰጠው ቦታ የበለጠ ይገባው ነበር፣ ስለዚህ በእኛ በኩል ወደ 1ኛው ዓመት ስበነዋል።

ሁለተኛ፦ ቆጣሪ

31,000 የደንበኛ ቆጣሪ አለን። 11,800ው ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ ወይም የቆመ ነው። ያረጀ ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ይቆጥራል፣ በተለይ ውሃው በቀጭኑ ሲወርድ። ዕቅዱ በዓመት 2,400 ቀይሩ ይላል። በ5 ዓመት 12,000 ይሆናል። "እንግዲህ አለቀ" ያስብላል።

አላለቀም። በዚያው 5 ዓመት ውስጥ ሌሎች 6,000 ቆጣሪዎች 10 ዓመት ይሞላቸዋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ዜሮ ሳይሆን 5,800 ያረጀ ቆጣሪ ይኖረናል። ይህን አሁን መናገር ይሻላል። አለዚያ በ5ኛው ዓመት ግምገማ ላይ እንሳቀቃለን።

ቅደም ተከተሉ ነው የሚያዋጣን። ከምናስከፍለው ውሃ 38 በመቶውን የሚጠቀሙት 220 ትልልቅ ደንበኞች ናቸው። የእነሱ ቆጣሪ በ1ኛው ዓመት የመጀመሪያ 6 ወር ይመረመራል፣ የደከመው ሁሉ ይቀየራል። የመኖሪያ ቤቶቹ ከዚያ በኋላ በዞን ተራ ይከተላሉ። "የእኛ ሰፈር ይቅደም" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ይህን ወረቀት አሳዩ።

ሦስተኛ፦ የውሃ ጥራት

እዚህ አጭር ነኝ፣ መመዘኛው ግልጽ ስለሆነ። ውሃው ደንበኛ ጋ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ነፃ ክሎሪን ይቀረው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። አሁን ከምንወስዳቸው ናሙናዎች 91 በመቶው ያልፋል። በ3ኛው ዓመት 99 መድረስ አለበት። ኢ. ኮላይ በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ መገኘት የለበትም። ለዚህ የዓመት ግብ አልተቀመጠለትም። ዛሬም ዜሮ፣ ነገም ዜሮ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ሥራ ከመጀመሪያው የተለየ አይደለም። መስመር ሲቋረጥ ግፊቱ ይወድቃል። ያኔ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከውጭ ቆሻሻ የሚገባበት ይሆናል። ስለዚህ የጥገና ቡድን መስመር ከመዝጋቱ በፊት ላቦራቶሪውን ያሳውቃል። ውሃው ሲመለስ መስመሩ ይታጠባል፣ ናሙና ይወሰዳል።

ግቦችና ባለቤቶች

| ግብ | መነሻ | 3ኛ ዓመት | 5ኛ ዓመት | ባለቤት |
|---|---|---|---|---|
| ገቢ የማያስገኝ ውሃ | 39% | 31% | 25% | የመምሪያው ኃላፊ |
| ከጥቆማ እስከ ጥገና (አማካይ) | 6 ቀን | 48 ሰዓት | 24 ሰዓት | የጥገና ቡድን |
| መለኪያ ያላቸው ዞኖች (ከ14) | 3 | 9 | 14 | የስርጭት ቡድን |
| የሌሊት ግፊት ከ5 ባር የሚያልፍባቸው ዞኖች | 6 | 2 | 0 | የስርጭት ቡድን |
| ያረጁ ወይም የቆሙ ቆጣሪዎች | 11,800 | 8,200 | 5,800 | የቆጣሪ ቡድን |
| የክሎሪን መመዘኛ ያለፉ ናሙናዎች | 91% | 99% | 99% | ላቦራቶሪ |

በእያንዳንዱ መስመር አንድ ባለቤት ብቻ ነው ያለው። ሆን ብዬ ነው። የዋናው ሰነድ ሰንጠረዥ በአንድ ግብ ላይ አራትና አምስት "ፈጻሚ አካላት" ይደረድራል። እንዲህ የተጻፈ ሥራ ሲወድቅ የምናደርገውን እናውቃለን፦ እርስ በርስ ደብዳቤ እንጻጻፋለን።

ባለቤት ማለት ግን ሁሉንም ብቻውን የሚሠራ ማለት አይደለም። ላቦራቶሪው ክሎሪን አይጨምርም፣ ማጠራቀሚያዎቹ ላይ የሚጨምረው የስርጭት ቡድን ነው። ላቦራቶሪው የሚጠበቅበት ቁጥሩ ሲወርድ በዚያው ቀን ስልክ መደወልና እስኪስተካከል መወትወት ነው። የመረጃና ካርታ ክፍልም ሰንጠረዡ ውስጥ ስሙ አልገባም፣ ግን ያለ እሱ አንዱም ቁጥር አይወጣም። የዞኖቹ ወሰንና የደንበኞች ዝርዝር በ1ኛው ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ካልተገጣጠመ የ39 በመቶው ስሌትም አያስተማምንም።

ከአሁኑ መታወቅ ያለባቸው

የ1ኛውና የ2ኛው ዓመት በጀት ጸድቋል። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ያለው ግምት ነው። በጀቱ ከተነካ ቀድመን የምናዘገየው የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ቅየራውን ነው። የዞን መለኪያና የግፊት ቫልቭ አይነካም።

ክላምፕና መገጣጠሚያ የሚገዛው ግዥ መምሪያ ነው። ከእነሱ ጋር ተስማምተናል፦ በብዛት ለሚሰበሩት 5 የቧንቧ ልኮች ሁልጊዜ የ3 ወር ክምችት ስቶር ውስጥ ይኖራል። ይህ ካልተፈጸመ የ48 ሰዓቱ ግብ ወሬ ሆኖ ይቀራል፣ ለጥገና ቡድንም ፍትሐዊ አይሆንም። ስለዚህ የክምችቱን ቁጥር በየወሩ ራሴ አያለሁ።

ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ነው፣ ሩቡ ባለቀ በመጀመሪያው ሳምንት። ከእያንዳንዱ ባለቤት የምፈልገው ግማሽ ገጽ ነው፦ ቁጥሩ የት ደረሰ፣ ምን አሰናከለው፣ ከማን ምን ይፈልጋል። "ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል" የሚል ዓረፍተ ነገር አልቀበልም።

እስከ መጪው አርብ የቡድን መሪዎች ሦስት ነገር ያቀርቡልኛል። የጥገና ቡድን፣ 5ቱ የቧንቧ ልኮች የትኞቹ እንደሆኑ ከሥራ ትዕዛዞቹ ለቅሞ። የስርጭት ቡድን፣ በ1ኛው ዓመት መለኪያ የሚገጠምላቸውን 2 ዞኖች ከነምክንያቱ። የቆጣሪ ቡድን፣ የ220ዎቹን ደንበኞች ዝርዝር ከነቆጣሪው ዕድሜ። መነሻ ቁጥሮቹ ላይ ስህተት ያየ ሰውም እስከዚያው ቀን ይንገረኝ። ቁጥሮቹን ሰኞ ወደ ዕቅድ ክፍል እልካቸዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ መነሻ መቀየር አይቻልም።