የሰው ጫማ ያደረገችው እምዬ

ጫማው የእሷ አይደለም። ፎቶው በ1967 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት የተነሳችው ነው፤ እምዬ ከጮቄ ግርጌ በዶሮ ጩኸት ተነስታ፣ ስንቅ አዝላ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በባዶ እግሯ ነው የመጣችው፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ "እናቴ፣ በባዶ እግር ፎቶ አያምርም" ብሎ ለደንበኛ የሚያውሰውን ጥቁር ጫማ አቀረበላት። ልብ ብላችሁ እዩት፣ ጠቦባት ተረከዟ ውጭ ቀርቷል። ነጠላዋ ግን የራሷ ነው፣ ራሷ ፈትላ ያሸመነችው። አንገቷ ላይ ያለውም ጥላ አይደለም፣ ፎቶው ደብዝዞ ነው እንጂ ንቅሳቷ ነው።

የመጣችው አባቴን ልትሸኝ ነበር። ያኔ ተማሪ ነው፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ የሚሄድበት ቀን ደርሷል፣ እሷም በሶ ይዛለት መጣች፣ የጓሮዋን ገብስ ቆልታ፣ በእጇ ፈጭታ። ጉልበቷ አጠገብ ጠርዙ ብቻ የሚታየው ነጭ ነገር ቋጠሮው ነው። ፎቶ አንሺው "እሱን እንኳ ወዲያ ያድርጉት" ቢላት "ምነዋ፣ ምን አደረገህ?" አለችው አሉ። (አባቴ ይህችን ሲያወራ እስካሁን በሳቅ ይፈርሳል።) አብረን እንነሳ ብትለው ደግሞ እሱ እምቢ አለ፣ "የራሴን መልክ ተሸክሜ ምን ላደርገው፣ የምፈልገው የአንቺን ነው" ብሎ። ለዚህ ነው ወደ ካሜራው የማታየው። ከፎቶ አንሺው ጎን ቆሞ የሚያስቃትን ልጇን ነው የምታየው።

መሃሏ ላይ የሚያልፈው ነጭ መስመር የእጥፋት ነው፣ በአባቴ ደብተር ውስጥ ታጥፋ ዘምታ ተመልሳለች። እምዬን የሚያውቅ ያውቃል፣ የሰው ዕቃ ቤቷ አያድርም፤ የጎረቤት ወንፊት ተውሳ እንደሆነ ሳይመሽ እኛን ታስሮጠናለች፣ ያውም ባዶውን አይደለም፣ እፍኝ ቆሎ ጣል አድርጋበት፣ "ባዶ ዕቃ አይመለስም" እያለች፣ እኛም መንገድ ላይ ቆሎውን ቆርጥመን ባዶውን እናደርስ ነበር፣ ይቅር ትበለን። አምና ልትለየን ሳምንት ሲቀራት ፎቶውን በስልኬ አንስቼ፣ አጉልቼ፣ ዓይኗ ድረስ አስጠግቼ አሳየኋት። ፊቷን አለፈችው። ነጠላዋንም አለፈችው። ጣቷን ጫማው ላይ አሳርፋ ቆየችና "መለስኩለት ወይ?" አለችኝ። "መልሰሻል እምዬ" አልኳት፣ እኔ ምን አውቄ።